ማህተም ያልተመታበት ሦስት ዓመት

ሲቪዬን የጻፈልኝ ሀይሌ ጋርመንት አደባባይ አጠገብ ያለ የፎቶ ኮፒ ቤት ልጅ ነው። እኔ በቃል እየነገርኩት እሱ ይተይባል፤ የኛን ዓመተ ምህረት ስነግረው ወደ ፈረንጅ እየቀየረ። ፈጣን ነው፣ ሳያስብ ነው የሚተይበው። አትሞ ሲሰጠኝ ደስ ብሎኝ ወደ መካኒሳ አቦ በታክሲ ተመለስኩ፣ ፋይሉንም በቴሌግራም ለሁለት ሰው ላክሁት። አንዷ ድሮ አንድ ፋብሪካ አብረን የሠራን፣ ዛሬ በሌላ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል የምትሠራ ጓደኛዬ ናት። ሌላው ለቡ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ያለው ታላቅ ወንድሜ ነው።

የምፈልገው ሥራ አንድ ነበር፦ አዲስ የተከፈተ ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪነት። ስድስት ዓመት በሁለት ፋብሪካ የሠራሁት ይህንኑ ነው። ከእሱ ሌላ የማውቀው ሙያ የለኝም፣ እንዲኖረኝም አልፈልግም። የማመልከቻው ጊዜ ሊዘጋ አራት ቀን ቀርቶታል።

ጓደኛዬ ፋይሉን ሁላችንም በየስልካችን ከፍተን የምናርመው አድርጋ መልሳ ላከችልን። ማታውን ከጎኑ ጥያቄ ጻፈችበት። «እዚህ ጋ አንድ ዓመት ከአንድ ወር የት ነበርሽ?»

ደነገጥኩ። ከመጀመሪያው ፋብሪካ ነሐሴ ላይ ወጥቼ ሁለተኛው ጋ የገባሁት መስከረም ነው፤ መሀሉ ጳጉሜ ብቻ ነው፣ እሷንም ልብስ ሳጥብ ነው የጨረስኳት። ደወልኩላትና ተጨቃጨቅን። በኋላ ራሷ አገኘችው። ልጁ ለሁሉም ቀን ስምንት ስምንት ዓመት ደምሮ ሄዷል። ለነሐሴው ልክ ነው። መስከረም ግን አዲስ ዓመት ስለገባ ሰባት ነው የሚደመረው። እኛ አገር አዲስ ዓመት ሲብት ፈረንጆቹ ገና ያንኑ ዓመት አልጨረሱም። ያልነበረ ሥራ አጥነት ፈጥሮልኝ ሸኝቶኛል!

«ዓመቱን በደፈናው አትቀይሪ፣ ወሩን እያየሽ ቀይሪ» አለችኝ። «ከሥራ ልምድ ደብዳቤሽ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሪው። አሁን ወደ እውነተኛው ክፍተት እንምጣ።»

እውነተኛው ክፍተት ከጥር እስከ ግንቦት፣ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ነው። እናታችን አንድ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት አልጋ ላይ ዋለች። ሥራዬን ለቅቄ አገላበጥኳት፣ አጠብኳት፣ አጎረስኳት፣ እስክታርፍ ድረስ። ወንድሜ እሁድ እሁድ ብርቱካን ይዞ ይመጣ ነበር። በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ ይሄዳል።

ጓደኛዬን በስልክ እያነጋገርኳት ሳለ ፋይሉ ላይ ፊደል ሲበቅል አየሁ። ወንድሜ ነው የሚጽፈው። በዚያው ባዶ ቦታ ላይ የሱቁን ስም አስገብቶ «የሽያጭና የጥራት ኃላፊ» አለኝ። ቀጥሎ ደወለ።

«ነገ ደብዳቤውን አትሜ፣ ማህተም መትቼ እሰጥሻለሁ። ማን ይመረምረዋል? አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው።»

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ አንተ ሱቅ አንድ ቀን ቆሜ አላውቅም።»

«ታዲያ ባዶ ትተሽው ልትሄጂ? ሦስት ዓመት ምንም ሳትሠሪ እንደኖርሽ ይቆጥሩታል እኮ።»

«ምንም» አለ! ሲሚንቶ የሚሸጥ ሰው የምን የጥራት ኃላፊ አለው ብዬ መሳቅ ነበረብኝ፣ ግን አልሳቅሁም። እናቴን ባገላበጥኩባቸው ዓመታት ላይ ማህተሙን ሊመታባቸው ነው። እሱ ባልነበረባቸው ዓመታት! ስልኩን ዘጋሁበት፣ የጻፈውንም በገዛ አውራ ጣቴ ፊደል በፊደል አጠፋሁት።

እኔም ግን ንጹሕ አይደለሁም። በማግስቱ «በግል የልብስ ስፌት ሥራ» ብዬ ጽፌበት ጓደኛዬ ያዘችኝ።

«ስንት ደንበኛ ነበረሽ?»

«ሁለት ጎረቤት። ሱሪ አሳጥሬላቸዋለሁ።»

«ስንት ሱሪ?»

«ሦስት።»

«አጥፊው» አለች፣ እየሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችና እንደ ሥራዋ ሆና ተናገረች። «የወንድምሽን ደብዳቤ ይዘሽ ብትመጪ እኔ ራሴ ግብርም ጡረታም የተከፈለበትን ማስረጃ አምጪ እልሽ ነበር። ያኔ የስድስት ዓመቱ እውነትሽም አብሮ ውሸት ይመስላል። ማስታመምን ሹመት አትስጪው፣ የፋብሪካ ልምድ ውስጥም አትደምሪው። ለብቻው በአንድ መስመር አስቀምጪው። የሕመሟን ዓይነት የመናገር ግዴታ የለብሽም። ይቅርታም አትጠይቂ። ያበቃ መሆኑንና ለሙሉ ጊዜ ሥራ ዝግጁ መሆንሽን ግን ጻፊ፤ የሚያሳስባቸው እሱ ነው።»

ከጥር እስከ ግንቦት ያለውን ጊዜ ከነዓመቱ አስቀድመን የጻፍነው ይህን ነው፦ «የቤተሰብ አባል ለማስታመም ከሥራ ውጭ ነበርኩ። ኃላፊነቱ ተጠናቋል፤ ለሙሉ ጊዜ ሥራ ዝግጁ ነኝ።» ሳነበው አጭርነቱ አናደደኝ። ሦስት ዓመት ከአራት ወር፣ ሁለት መስመር አልሞላም። ቢሆንም አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ። አንድ ሰውዬና አንዲት ሴትዮ ነበሩ። ሰውዬው የምርት ክፍል ኃላፊ ነው፤ ወረቀቱን በእስክሪብቶው ጫፍ እየመታ፣

«ታዲያ ሦስት ዓመት ቤት ተቀመጡ?» አለኝ።

«አልተቀመጥኩም። የሚያስታምም ሰው አይቀመጥም።»

ቀና አለ። እኔም አላቆምኩም። «ያንን ጊዜ የፋብሪካ ልምድ ነው ብዬ አልቆጠርኩትም፤ የቆጠርኩት ስድስት ዓመት ብቻ ነው፣ ደብዳቤውም እጅዎ ላይ ነው። ልደብቀውም አልፈለግሁም። ከወጣሁ ወዲህ የመጡ አዳዲስ ማሽኖች ካሉ አላውቃቸውም፣ እማራለሁ። ዓይኔ ግን እንዳለ ነው። ሸሚዝ ይስጡኝ።»

ከጠረጴዛው ላይ አንዱን አንስቶ ወረወረልኝ። የኮሌታውን ጫፍ ከጫፉ፣ እጅጌውን ከእጅጌው አጋጠምኩ። የግራ እጅጌው ጫፍ፣ አንጓ ላይ የሚቆለፈው ጋ፣ ስፌቱ ሁለት ቦታ ዘሏል። አሳየሁት። ሸሚዙን ተቀብሎ ራሱ ደግሞ አየውና ለብቻው አስቀመጠው።

ከሰው ኃይል ክፍል የመጣችው ሴትዮ በለሆሳስ ጠየቀችኝ። «አሠሪዎችዎን እንጠይቃለን። ስለ ማስታመሙስ የምንደውልለት ሰው አለ?»

ጎረቤቶቼን ልሰጣት አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ሐሳቤን ቀየርኩ፤ በክፋት ይሁን በፍቅር ዛሬም አልለየሁትም። የወንድሜን ስልክ ቁጥር ሰጠኋት፣ አስቀድሜም አልነገርኩትም። ያሰኘውን ይበል አልኩ። «ሱቄ ውስጥ ትሠራ ነበር» ቢላቸው ሥራዬ ገደል ይገባል፤ ይግባ!

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሴትዮዋ ደውላ ለሙከራ ጊዜ ሰኞ እንድጀምር ነገረችኝ። አመሰገንኳት። ስልኩን ሳላስቀምጥ ወንድሜ ደወለ። ከጀርባው ብረት ሲወርድ ይሰማል።

«ከፋብሪካው ደውለውልኝ ነበር» አለ። «ለምን እኔን ሰጠሻቸው?»

«ሌላ ማንን ልስጥ? ምን አልካቸው?»

ብረቱ ሲወርድ ቆየ። አላገዝኩትም።

«እናታችንን ያስታመመች እሷ ናት አልኳቸው። ስንት ልጆች ናችሁ አሉኝ። ሁለት ነን አልኩ።»