ገበያ ያስቀረኝ ፍርሃት

በየትኛው ዓመት እንደሆነ በትክክል አላስታውስም፤ በደርግ ጊዜ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ያለ ምክንያት ፍርሃት ያዘኝ። ሸዋ ሮቢት ገበያ ላይ ሰው ሲበዛ ልቤ ይደልቃል፤ አሁን የምሞት ይመስለኛል። ስለዚህ ገበያ መሄድ ተውኩና ከእርሻችን ያገኘነውን ማሽላ ሚስቴ ትሸጥ ጀመር። እኔ ልቤን ላረጋጋ ብዬ ጫት እቅማለሁ።

ከእርሻውም መራቅ ስጀምር ሚስቴ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ደረቴን አዳመጠ።

"ልብዎ ደህና ነው። ከጀመረዎ ስንት ጊዜ ሆነ?"

"ጥቂት ቀን።"

"አራት ወሩ ነው" አለች ሚስቴ። "ገበያ አይወጣ፣ እንቅልፍ የለው፣ ጫት በቀን ሁለቴ።"

"ጫቱን ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሼ?"

"የጠየቁኝ ስለ ልቤ ነዋ።"

ራሴን ለማጥፋት አስቤ እንደሆነም ጠየቀኝ።

"ወላሂ፣ እኔ መሞቱን ነው የምፈራው" አልኩት።

"ፍርሃቱ ሥራ ማስፈታት ሲጀምር ነበር መምጣት" አለና ጫቱንም ቡናውንም ቀስ በቀስ እንድቀንስ፣ በሁለት ሳምንት እንድመለስ፣ ገበያውንም ከዳር ጀምሬ እንድለምደው ነገረኝ።

ከብዙ ሳምንት በኋላ እህል ተራው ድረስ ገባሁ። ልቤ መደለቁን አልተወም፤ እኔ ግን ማሽላውን ሸጬ ወጣሁ። በየሳምንቱ አንድ እርምጃ ስጨምር አጠገቤ የቆመችው፣ ሐኪም ፊትም የደበቅኩትን ያወጣችብኝ፣ ሚስቴ ናት።