ያልታዘዝኩት ባትሪ

«ኦሪጅናል» የምትለዋን ቃል እንደኔ የደጋገማት ሰው ቤቴል ውስጥ አልነበረም። የምሠራው ድሮ ከቴሌቪዥን ጋር እየተሰኩ የምንጫወትባቸውን የጌም ማሽኖች ጥገና ነው። ጨዋታው ያለው ካሴት በምንላት የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ነው። ካሴቷን ማሽኑ ላይ ትሰካለህ፣ ትጫወታለህ። አሁን ግን ጊዜው ተለውጧል፤ ኢሙሌተር የሚባል ፕሮግራም ስልክህ ላይ ትጭናለህ፣ ስልኩ የድሮውን ማሽን ሆኖ ይሠራልሃል፣ ጨዋታውን ደግሞ ከኢንተርኔት ታወርዳለህ። ይሄ ነው የሚያበሳጨኝ የነበረው። ስልኩን ይዞ «ሙላልኝ» የሚል ከመጣ ከበር ነበር የምመልሰው። ግድግዳዬ ላይ በቀይ ስክሪብቶ «ኮፒ አንሠራም» ብዬ ለጥፌ ነበር። እንዴት ያለ ጨዋ ነበርኩ በናታችሁ!

አንድ ጠዋት ከቀራንዮ በኩል አንድ ሽማግሌ ከሴት ልጃቸው ጋር መጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ማሽኑን በፎጣ ጠቅልለውታል፣ ካሴቷን ደግሞ በካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ይዘዋታል።

«ልጄ፣ ይቺ ማሽን አንዳንዴ ትነሳለች፣ አንዳንዴ ታኮርፋለች» አሉኝ። «ምስሉም ይንቀጠቀጣል። ካሴቷን አውጥቼ እፍ ስላት ደግሞ ትሠራለች።»

«ጋሼ፣ እፍ አይበሉ!» አልኳቸው በቁጣ፤ ልክ እንደ ተማሪዬ። «ትንፋሽ እርጥበት አለው። መዳቡን ያዝገዋል። የሠራልዎት ነቅለው ስለሰኩት ነው እንጂ እፍ ስላሉ አይደለም።»

ሳቁ። ማሽኑን ድሮ ለልጆቹ ያመጣላቸው አንድ ዘመድ ነው። ልጆቹ ሲያድጉ ተዉት። ያልተዉት ባለቤታቸው ናቸው። ከላይ የሚወርዱ ጡቦችን የሚደረድሩበት ጨዋታ ነው፤ እትዬ ከሰዓት በኋላ ሥራቸውን ጨርሰው ይቀመጣሉ፣ ጋሼም አጠገባቸው። ሁለቱ ዓመት ከዓመት ተፎካከሩ። የአንደኝነቱ ነጥብ የእትዬ ነበር፤ ከነጥቡ አጠገብ የስማቸው ሦስት ፊደላት ተጽፈዋል። እትዬ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ጋሼ እስካሁን ሊያልፏቸው አልቻሉም።

«ዛሬም ትቀድመኛለች» አሉ፣ በኩራት።

ልጅቷ ነገሩ ገብቷት ኖሯል። «ወንድም፣ ከመንካትህ በፊት ካሴቷ ውስጥ ያለውን ኮምፒውተር ላይ ብትገለብጥልን? የእማዬ ነጥብ ድንገት እንዳይጠፋ» አለችኝ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። «እህቴ፣ የተለጠፈውን አላየሽም? እዚህ ቤት ኮፒ የለም። ኮፒ ሌብነት ነው። ኦሪጅናል ካሴት ያለው ሰው ኮፒ ምን ያደርግለታል?» አልኳት። ልጅቷ ደነገጠች። አባቷ «ተይው፣ ባለሙያ ነው» አሏት። ካሴት አንብቦ ኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጠው መሣሪያ ግን መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ አንድ ደንበኛ ትቶልኝ የሄደው ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አላወጣሁትም፤ ምክንያቱም ከማስታወቂያዬ ጋር ይጣላብኛላ!

እነሱ ሄዱ፣ ሥራዬን ጀመርኩ። የታዘዝኩትን በደንብ ሠርቻለሁ። የካሴቷን የመዳብ ጥርሶች በጥጥና በንጹህ አልኮል ጠረግኩ፤ ጥጡ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ማሽኑን ስከፍተው ሁለት ካፓሲተሮች ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ፈሳሻቸው ቦርዱ ላይ ወርዷል። ካፓሲተር ለማሽኑ ኃይሉን እኩል አድርጎ የሚያደርስ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ሲያረጅ እንደዚህ ያፈሳል፣ ምስልም ያንቀጠቅጣል። ቀየርኳቸው፣ ቦርዱን አጸዳሁ። ከሰዓት በፊት ማሽኑ እንደ አዲስ ተነሳ፣ ምስሉም ቀጥ አለ። የነጥቡ ሰንጠረዥ ሲመጣ የእትዬ ሦስት ፊደላት ከላይ ናቸው፣ ከሥራቸው የጋሼ፣ የጋሼ፣ የጋሼ።

ሥራው እዚህ ላይ አልቋል። ጠቅልዬ ማስቀመጥ ብቻ ነበር።

ግን ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ካሴቷን ፈታኋት። ውስጧ ክብ ባትሪ አለች፤ ነጥቡን የምትጠብቀው እሷ ናት። ጨዋታው ራሱ ባትሪ አይፈልግም፣ የተጫዋቹ መዝገብ ግን ባትሪዋ ስትሞት አብሮ ይሞታል። ለካኋት፤ ደህና ናት። «አርጅታለች፣ ነገ ትሞትባቸዋለች፣ ሳይጠይቁኝ ልቀይርላቸው፣ ደስ ይላቸዋል» አልኩ። እውነቱን ልናገር ከተባለ፣ ሊያመሰግኑኝ ፈልጌ ነው።

ባትሪ ያለ ኮፒ የሚቀየርበት ዘዴ አለ። ካሴቷን ከፍተህ ማሽኑ ላይ ሰክተህ ታበራዋለህ፤ ማሽኑ እስከበራ ድረስ መዝገቡን የሚመግበው የማሽኑ ኃይል ነው። በዚያ መሐል አሮጌዋን ነቅለህ አዲሷን ትበይዳለህ። ስንቴ ሠርቼዋለሁ። ቻርጅ በሚደረገው መበየጃዬ አሮጌዋን አላቀቅኩ። አዲሷን በወረንጦ አነሳሁ።

መብራት ጠፋ።

እንደማንኛውም ቀን፣ ድርግም። ጎረቤቴ ያለው ጸጉር አስተካካይ «አይ አገሬ!» ሲል ሰማሁት። እኔ ወረንጦዬን ይዤ ቀረሁ። በሰፈራችን መብራት ላይ የሰውን ትዝታ አንጠልጥዬ መበየዴ፣ አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል። አዲሷን በይጄ፣ መብራቱ ሲመጣ አበራሁት። ሰንጠረዡ ባዶ ነበር። ደግሜ አበራሁ፣ ደግሜ። ባዶ።

ጋሼ ብቻቸውን ተመልሰው መጡ። ማሽኑን አስነሳሁላቸው። ምስሉን አይተው «እሰይ!» አሉ። ከዚያ ሰንጠረዡ መጣ፤ ጎንበስ ብለው ከላይ ስሟን ፈለጉ። አፌን ስከፍት እውነቱን ልናገር ነበር፣ ምያለሁ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጋሼ፣ አዝናለሁ፤ ስከፍታት ባትሪዋ ሞታ ነበር። ነጥቡ ቀድሞ ጠፍቷል። አዲስ አድርጌልዎታለሁ።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። «እንዲያ ነው?» አሉ። ቀጥለው «እንግዲህ አንተ ምን ታደርግ። ዕድሜ ነው» አሉኝ። ዝም ማለት ሲገባኝ፣ ያንን ጨዋታ ከኢንተርኔት አውርጄ ስልካቸው ላይ ልጭንላቸው እንደምችል ነገርኳቸው። እኔ! ማስታወቂያው ከጀርባዬ ተለጥፎ! «የወረደው የሷ ስም አለበት?» አሉኝ። የለበትም አልኳቸው። «ተወው በቃ» ብለው ማሽኑን በፎጣው ጠቅልለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ አልልም፤ እተኛለሁ። ቀን ቀን ነው የሚይዘኝ። ካሴት በፈታሁ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ላፕቶፕ ሊያሠራ የመጣ ጠበቃ ማስታወቂያዬን አንብቦ ሳቀ። «ኮፒ ክልክል ነው ማን አለህ?» አለኝ። ስለ ኢሙሌተሩና ስለ ካሴቱ ነገርኩት። «ኢሙሌተሩ ፕሮግራም ነው፣ እሱ በራሱ ጥፋት የለበትም። የሌላ ሰው ጨዋታ ከኢንተርኔት ማውረድ ሌላ ነገር ነው፤ ካሴቱ ቤትህ ቢኖርም ያወረድከው ያንተ ካሴት አይደለም፣ አውርጄ ልሙላልህ ብለህ ስትነግድማ የባሰ ነው። ግን በእኛ አገር ሕግ ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው፣ የራሱ ቢበላሽበት ወይ ቢጠፋበት ብሎ አንድ መጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጥ ይችላል። ካሴቱን ከሸጠው ወይም ከሰጠው ግን ቅጂውንም ማጥፋት አለበት። ሌላ አገር ሌላ ነው፤ የኛ እንዲህ ነው።»

«የተጫዋቹ ነጥብስ?» አልኩት።

«እሱማ የተጫወተው ሰው ንብረት ነው! ከማን ትሰርቀዋለህ?»

ጠበቃው ሲወጣ ወረቀቱን ከግድግዳዬ ላጥኩት። ልጅቷ ልክ ነበረች። ያቺ ሴት የለመነችኝ የእናቷን ነገር ነበር፤ እኔ ደግሞ ሌባ ብያታለሁ።

በማግሥቱ ያንን የመሳቢያዬን መሣሪያ ከላፕቶፔ ጋር ይዤ ቀራንዮ ወረድኩ። ቤቱን ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አልፌ ጠይቄ አገኘሁት። ጋሼ በር ከፍተው «ግባ» አሉኝ፣ ምንም ሳይገረሙ። ማሽኑ ቴሌቪዥኑ ሥር ነበር፣ ንጹሕ ጨርቅ ለብሶ። ከሙቀትና ከአቧራ እንዲርቅ ነግሬያቸው ስለነበር ነው። ያ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረኝ፤ ምክሬን ሰምተዋል።

ቆሜ ነው የጀመርኩት። «ጋሼ፣ ያን ቀን ባትሪዋ...»

«ቁጭ በል። አውቃለሁ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ከሷ ጋር ሰላም ሳልባባል ከቤት አልወጣም። አንተ ጋ የመጣሁ ዕለት ጠዋት ካሴቷን አምስቴ ነቅዬ ሰክቼ ነው ማሽኗ የተነሳችልኝ። ስሟን አይቼ፣ ደህና አደርሽ ብያት ነው የወጣሁት። ባትሪዋ አልሞተችም ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ለምን ያኔ አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«አስተማሪ ነበርኩ እኮ። የዋሸ ልጅ ፊቱን ታውቀዋለህ። ራሱ እስኪመጣ ትጠብቀዋለህ» አሉ። «ደግሞ ብናገርህ ትመልሳት ነበር?»

ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኩ። አንሥተው አስቀመጡኝ። ከዚያ ማሽኑን አበሩት። ሰንጠረዡ ሲመጣ ዓይኔን አላመንኩም፤ ከላይ የእትዬ ሦስት ፊደላት ተጽፈዋል፣ ከሥራቸው የጋሼ።

«መጀመሪያ አንደኛው እኔ ሆንኩ» አሉኝ። «ስንት ዓመት የተመኘሁትን አንደኝነት ይዤ ቁጭ አልኩ። አስጠላኝ። ከዚያ በኋላ እጄ ሲቀናኝ የምጽፈው የሷን ስም ነው፣ ሲያቅተኝ የራሴን። ነጥቡ ግን የሷን ግማሽ አይሞላም። ፎርጅድ ናት እንግዲህ፣ ምን ላድርግ።»

መሣሪያውንና ላፕቶፑን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ጠበቃው የነገረኝን ነገርኳቸው፤ ካሴቷ የርስዎ ናት፣ አንድ ቅጂ ማስቀመጥ ይፈቀድልዎታል፣ የተጻፈውም አይጠፋም አልኩ። ካሴቷን ነቅለው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። መሣሪያው ላይ ሰካኋት። አምስት ደቂቃም አልፈጀም።

«አለቀ?» አሉኝ።

«አለቀ፣ ጋሼ።»

«ይሄን ያህል ብቻ ነበር?»

አዎ አልኳቸው፣ ፊታቸውን ሳላይ።