ስሙ የታጠፈበት ሪፖርት

ሥርጉት ሞጣ ላይ የአቶ ገላው የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሒሳብ ሠራተኛ ናት። ዝምተኛ ይሏታል። ዝምተኛስ አይደለችም፤ አስቀድማ ቁጥሩን ታዳምጣለች እንጂ።

ያን ሰሞን መደብሩ ጭንቅ ላይ ነበር። እስከ ዓርብ መቶ ሃምሳ ሺህ ብር ለአከፋፋዩ ካልገባ የበጋው የሲሚንቶ ኮታ ለሌላ ነጋዴ ይሰጣል። በጋን ያለ ሲሚንቶ የሚያሳልፍ መደብር ደግሞ ሚስማር እየቆጠረ ይውላል።

«ወንደሰን ጋ ልሂድ» አሉ ገላው። «አራት መቶ ሺህ ዕዳ ያለበት እሱ አይደል?»

ሥርጉት የተሰብሳቢ ሒሳቡን ዕድሜ፣ ማለትም የማን ዕዳ ስንት ቀን እንደቆየ የሚያሳየውን ሪፖርት ዘረጋች። «የእሱ መክፈያ ቀን ገና አልደረሰም፣ ጋሼ። ዛሬ ብንጨቀጭቀው ደህናውን ደንበኛ እናስቀይማለን።»

«እንግዲያ ከሁሉ የቆየው?»

«የእሱማ ጉዳይ ፍርድ ቤት ነው። ለዓርብ አይደርስልንም።»

ማን መጠየቅ እንዳለበት ታውቃለች። ደጋግማ ስሙን አንስታ ደጋግመው «እሱን ተይው» ብለዋታል። ይሉኝታ ይዟቸው ነው፤ እሷም ብትሆን አሠሪዋን ማሳፈር አትወድም። ስለዚህ ወረቀቱን አጠፈችና የስሞቹን ዓምድ ከሥር ደበቀችው።

«ስም ሳያዩ ይምረጡ።»

ገላው መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸው በመስመሮቹ ላይ ቀስ ብሎ ሄደ፤ አንዱ ላይ ቆመ። «ይሄ መቶ ሰባ ሺህ ባለፈው ወር ስልሳ ቀን አልሞላውም ነበር፤ አሁን ስልሳውን አልፎ ወደ ዘጠና እየሄደ ነው። ምንም አልከፈለም። ግን በቅርቡም ዕቃ ወስዷል፤ ሥራው አልቆመም ማለት ነው። ዘጠናን አልፎ የማይገኝ ዕዳ ሳይሆን ይሄ ነው መጠየቅ ያለበት።»

ሥርጉት እጥፉን ገለጠችው። ፋንታ፣ የቢቸናው ግንበኛ። ልጁን ክርስትና ያነሱለት አበ ልጃቸው።

ገላው መነጽራቸውን አወለቁ። «ነገ አብረን እንሄዳለን» አሉ።

ፋንታን ያገኙት ቤቱ ደጃፍ ነው። ገና ሰላምታው ሳያልቅ አንገቱን ደፋ። «ገላው፣ የጠየቀኝን ሁሉ ከፈልሁ። አንተ ዝም ስትል ጊዜ ተስፋ ቆርጠህ የተውኸኝ መሰለኝ። አፍሬ በዓል እንኳ ሳልጠራህ ቀረሁ።» የመቶ ሃምሳ ሺህ ቼክ ጻፈ፤ ለቀሪው ቀን ቆረጠ።

ገላው ክርስትና ያነሱት ልጅ ውኃ ይዞ መጣ። ቁመቱ ጨምሯል። «አባባ፣ እንግዳው ማናቸው?» አለ።

ገላው ብርጭቆውን ተቀብለው ሳይጠጡ ያዙት።

ወደ ሞጣ ሲመለሱ አውቶቡሱ ግንደወይንን አለፈ። «ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ» አሉ ገላው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ።

«ነግሬዎት ነበር፣ ጋሼ።»

«አዎ» አሉ፤ «ነግረሽኛል።»