ሲካፈል ለግማሽ

ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ የሰፈሩ ሰው ግን ዛሬም በስሙ አይጠራውም። «ገልብጠህ አባዛ» ነው የሚሉት። የሒሳብ አስተማሪ ሳለ፣ ተማሪ ሁሉ ክፍልፋይ ማካፈል ላይ ሲደርስ እየተደናበረ ስላስቸገረው፣ ጠረጴዛ እየደበደበ «ሁለተኛውን ገልብጠህ አባዛ!» ሲል ዕድሜውን ጨረሰ። ስድስት ለግማሽ ሲካፈል ሦስት ነው ያለ ልጅ ወዮለት፤ አሥራ ሁለት መሆኑን በሕልሙ እስኪያየው ድረስ አይለቀውም ነበር። ቅጽል ስሙን ሲሰማ የተቆጣ ይመስላል እንጂ ውስጡን ደስ ይለዋል። ስንቱ ጡረተኛ ነው ከነሙያው የሚታወሰው?

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ዓይኗ ደክሞ ክር በመርፌ ማስገባት ሲያቅታት የስፌት መኪናዋን ሸፍና አስቀመጠችና ጫጩት አስፈልፍላ ለመሸጥ ተነሳች። ስልሳ እንቁላል የሚይዝ መፈልፈያ ማሽን አስመጣች፤ ለጎረቤት ሴቶችም ሃምሳ ጫጩት ልትሰጥ ቃል ገባች።

«ይሄ ካልሆነልኝ ሌላ አልሞክርም» አለችው አንድ ማለዳ። «እጄን አጣጥፌ ቁጭ ነው።»

ሚስቱ እጇን አጣጥፋ ስትቀመጥ አይቶ አያውቅም፤ ማየትም አልፈለገም።

ችግሩ መብራት ነበር። መስመሩ ወደ እነሱ ሰፈር ገና አልደረሰም። ማሽኑ ደግሞ ቀን ከሌት ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ ሶላር ሊያስገቡ ወሰኑ። ሚስቱ ባለሙያ ይጠራ ስትል እሱ ሳቀባት።

«ባለሙያ ለምን? ማባዛትና ማካፈል አይደል እንዴ!»

የሶላር ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ሻጩና ሌሎች ደንበኞች እየሰሙት፣ ወረቀት ሳይነካ፣ በቃሉ አሰላው። «ማሽኑና ሁለቱ አምፖሎች በቀን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዋት ሰዓት ይበላሉ። ፀሐይ ድርሽ ሳትል ሦስት ቀን ብትቆይ እንኳ እንዳንቸገር፣ በሦስት እናባዛው፤ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ። አሁን ልብ በሉ! እንዲህ ያለ ባትሪ ጥርግ ተደርጎ ከተጠጣ ቶሎ ይሞታል። ግማሹን ብቻ ነው የምንጠቀመው። ስለዚህ በግማሽ፤ አንድ ሺህ ስምንት መቶ። ለአሥራ ሁለት ቮልት ሲካፈል መቶ ሃምሳ። መቶ ሃምሳ አምፔር ሰዓት፣ አንድ ባትሪ!»

ሻጩ አንዱን ባትሪ አወጣለት። አሥር ቢለውም አሥር ያወጣ ነበር። ገልብጠህ አባዛ ደረቱን ነፍቶ ወጣ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለሴት ብቻ የተተረተ መስሎት ነበር።

መጀመሪያ ላይ ፀሐይዋ ራሷ አበረታችው። ባትሪው ቀን ይሞላል፣ ሌሊት ማሽኑን ያሞቃል፣ ጠዋት እንደገና ይሞላል። እሱም በር ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ያስተምራል። «ሦስት ቀን ደመና ቢውል ግድ የለኝም» ይላል አፉን ሞልቶ። ሚስቱ እንቁላሎቹን በአምፖል ብርሃን እያየች «ይንቀሳቀሳል! ና እየው!» ስትለው፣ ጫጩቱን ራሱ የሠራው ያህል ፈገግ ይላል።

ሊፈለፈሉ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ሰማዩ ጠቆረ። ያን ዕለት ጠዋት ሁለቱም ገበያ ወጡ። ሲመለሱ ቤቱ ጭጭ ብሏል። የባትሪው መቆጣጠሪያ፣ እሱ ራሱ እንዳስተካከለው፣ ባትሪው ግማሽ ሲደርስ መስመሩን ዘግቷል። ሚስቱ እጇን ማሽኑ ውስጥ ሰደደች።

«ቀዝቅዟል» አለች።

«ባትሪው ብልሽት ያለው ነው! ውዳቂ ሸጠውልኝ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሻጩን ሰደበ፣ ፋብሪካውን ሰደበ፣ ደመናውንም አልማረው። ራሱን ብቻ ረሳ።

«ስድቡን አቆየውና ውኃ አምጣ» አለች ሚስቱ። ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ በጠርሙስ ሙቅ ውኃ እየሞላች ዙሪያውን ልትደረድር ነው። ውኃው የሚሞቀው ግቢው ጥግ ካለው ማድ ቤት ነው። ባልዲውን እስከ አፉ ሞልቶ ሲያነሳ ጮኸችበት። «ትከሻህን ልትገነጥለው ነው? ግማሽ ብቻ ሙላ!»

ትከሻው የቆየ ሕመም አለበት። በግማሽ ባልዲ ይመላለስ ጀመር። ሄደ፣ መጣ። ጠርሙሶቹ ግን አልሞላ አሉ።

«ስንት ባልዲ ይበቃ ነበር?» ብሎ ጠየቃት እያለከለከ።

«ሙሉ ቢሆን አራት። በግማሽ ስለሆነ ስምንት ጊዜ መመላለስህ ነው፤ ምን ታደርገዋለህ።»

ስምንት። ግማሽ ብቻ ሲያዝ ምልልሱ እጥፍ ይሆናል እንጂ በግማሽ አይቀንስም። ገልብጠህ አባዛ ግቢው መሃል ባልዲውን እንደያዘ ክው ብሎ ቀረ። ለትከሻው የገባው ነገር ለጭንቅላቱ ሳይገባው ሰንብቷል! ሦስት ሺህ ስድስት መቶውን በግማሽ አባዛው እንጂ ለግማሽ አላካፈለውም። ሰባት ሺህ ሁለት መቶ መሆን ነበረበት፤ ስድስት መቶ አምፔር ሰዓት፤ አራት ባትሪ። የገዛው አንድ። ባትሪው ምን በደለ? የታዘዘውን አድርጎ ነው የተዘጋው።

ያ ሁሉ ተማሪ፣ ያ ሁሉ ጠረጴዛ ድብደባ ታወሰው። አንዳቸው እንኳ በዚያ ቢያልፉ ብሎ አፈረና አጥሩን ዞር ብሎ አየ። ማንም የለም። ለመዋሸት የሚመች ሰዓት ነበር፤ ባትሪው ተበላሽቷል ቢል ማን ያጣራዋል? ግን ሚስቱ በጉልበቷ ተንበርክካ ጠርሙስ ስትደረድር አያትና ባልዲውን መሬት አስቀመጠ።

«እናታለም፣ ጥፋቱ የባትሪው አይደለም። ተሳስቼ ነው። ማካፈል ሲገባኝ አባዛሁ።»

ቀና ብላ አየችው። «በምን?»

«በግማሽ።»

ሌላ ጠርሙስ አንስታ ክዳኑን አጠበቀች። ቢሰደብ ይሻለው ነበር። «ሂድና የጎደለውን አምጣ» አለችው።

ሻጩ «ጋሼ፣ አንድ ይበቃል ብለው አልነበር?» ሲለው፣ «የሒሳብ አስተማሪ ነኝ ያለህን ሰው ከእንግዲህ ሁለቴ ጠይቀው» ብሎ መለሰለት። ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ፣ ተሞልተው የተቀመጡ ሦስት ባትሪዎች በጋሪ አስጭኖ ገባ። ፕላሱን ከፕላስ፣ ማይነሱን ከማይነስ ጎን ለጎን አገናኛቸው። የተዳከመውን የፊተኛውን ግን ፀሐይ ወጥታ እስኪሞላ ለብቻው አቆየው። ጣሪያ ላይ ያሉትን የፀሐይ ፓነሎች በትክክል አስልቶ ስለነበር ለአራቱም በቂ ነበሩ፤ የቀረችለት ክብር እሷ ብቻ ናት። ደመናው በማግስቱም ዋለ፣ ማሽኑ ግን አልጠፋም።

ቀኑ ሲደርስ ከማሽኑ ውስጥ ጭው ጭው የሚል ድምፅ ተሰማ። ሚስቱ እያንዳንዱን ጫጩት በመዳፏ እያወጣች ካርቶን ውስጥ አኖረች። ሠላሳ ሆኑ። ሌሎቹ ሠላሳ እንቁላሎች ዝም አሉ። ያልተፈለፈሉትን ሰብስባ ቅርጫት ውስጥ ስታደርግ ቅርጫቱን ያዘላት። አሁን እጇን ታጣጥፋለች ብሎ ጠበቀ።

«ሃምሳ ነበር ቃል የገባሁት» አለች እሷ፣ እጇን በመጎናጸፊያዋ እየጠረገች። «ሃያ ይጎድለኛል። እንደዚህኛው ግማሹ ብቻ ቢፈለፈል ስንት እንቁላል ላስቀምጥ?»

አፉን ከፈተ። መልሱ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። መልሶ ገጠመው።

«ቀስ ብለህ አስብ፣ ገልብጠህ አባዛ» አለች። ስንት ዓመት አብረው ሲኖሩ በዚያ ስም ጠርታው አታውቅም።

በጣቱ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።

«አርባ» አላት።

ሚስቱ በልቧ የያዘችው ቁጥር ሳይሆን አይቀርም፤ ራሷን በእሺታ ነቀነቀችና ማሽኑን ለአዲሱ እንቁላል መወልወል ጀመረች።