መብራቷ ስትጠቅሰኝ

ልጄ የመኪና ማሽከርከር አስተማሪ ናት። መሪ እንዴት እንደሚያዝ መጀመሪያ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ይህን ለሰው ባወራሁ ቁጥር ጣልቃ ትገባና «የቀረውን ግን ከሚያውቅ ሰው ነው የተማርኩት» ትላለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤታችንን የግቢ በር በመኪናዬ ታክኬ ትንሽ ቀለም ትቼበት ስመለስ፣ ደጃፍ ላይ እጇን ዘርግታ ጠበቀችኝ።

«ቁልፉን።»

«ቀለሙ እኮ የመኪናዬ ነው። የነሱ በር ምንም አልሆነም።»

«አባዬ፣ ቁልፉን! ካልሆነ አሁኑኑ አብሬህ ወጥቼ እፈትንሃለሁ። ከወደቅህ ከእንግዲህ መንዳት የለም።»

ቁልፉ ከሄደ አስኮ ያሉት የዳማ ጓደኞቼም ሄዱ ማለት ነው፤ ጉልበቴ የሚኒባስ ሰልፍ አይችልም። እነሱም ቢሆኑ እኔ ከቀረሁባቸው ሁልጊዜ የሚያሸንፉት ሰው ያጣሉ። ለፈተናው ተስማማሁ።

ከዓለም ባንክ ወደ አየር ጤና ወረድን። የመጀመሪያው መስቀለኛ ላይ ቢጫዋ መብራት ብቻዋን ብልጭ ድርግም ትላለች። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ጠቀሰችኝ። ደግማ ጠቀሰችኝ። በዚህ ዕድሜ የሚጠቅስ ስለማይገኝ እኔም አልቸኮልኩም። ከኋላችን የክላክስ ጋጋታ ተነሳ። አንድ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ፋዘር፣ አልጋ እናምጣልዎት?» አለኝ።

«ምን እየጠበቅን ነው?» አለች ልጄ።

«አረንጓዴውን።»

«እስከ ማታ ብትቀመጥ አይመጣም! ቢጫው ብልጭ ድርግም ካለ ፍጥነትህን ትቀንሳለህ፣ ግራ ቀኝ ታያለህ፣ ለእግረኛና ቅድሚያ ላለው መኪና መንገድ ትለቃለህ፣ ከዚያ ተጠንቅቀህ ታልፋለህ። ማን ቁም አለህ?»

ገባኝ። ከልቤ ገባኝ። ስለዚህ ቀጣዩ መስቀለኛ ላይ ቀይዋ ብልጭ ድርግም ስትል፣ በተማርኩት መሠረት ቀንሼ፣ ግራ ቀኝ እያየሁ፣ እንደ ጨዋ ሰው ላልፍ ተዘጋጀሁ።

«ፍሬን!» ብላ ጮኸችና እግሯን ወለሉ ላይ ደነቀረች። የማሰልጠኛዋ መኪና ለአስተማሪም ፍሬን አላት፤ የእኔዋ ግን የሾፌሩም ፍሬን የሚይዘው በልመና ነው። እንደ ምንም ቆምን።

«አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ? ይቺም ጠቀሰችኝ!»

«ጥቅሻው ይለያያል፣ አባዬ! ቀይ ስትሆን መጀመሪያ ጎማህ ቀጥ ይላል። ሙሉ በሙሉ። ቅድሚያ ያለውን አሳልፈህ መንገዱ ነፃ ሲሆን ትሄዳለህ። አረንጓዴ ግን አትጠብቅም።»

«እንደ እናትሽ ናት በይኛ። መጀመሪያ ቆመህ፣ ፊቷን አይተህ...»

«ለእማዬ እነግርልሃለሁ» አለች። «ሁለት ስህተት ሆነ። ሦስተኛ ካለ ቁልፉን ተሰናበተው።»

አየር ጤና ስንደርስ መብራቱ ጭራሹን ጠፍቷል። ቢጫ የለ፣ ቀይ የለ፣ የሚጠቅስ የለ። ከየአቅጣጫው የመጣው መኪና ሁሉ መሃል ገብቶ አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጧል። ልጄ የእኔን እግር ታያለች። ውስጤ «ጠፋ ማለት የሚከለክል የለም ማለት ነው፣ ግባ!» ይለኛል። ውስጤን ግን የጎረቤቴ በር ላይ አይቼዋለሁ፤ አላመንኩትም።

መስመሩ ጋ ቆምኩ። ዜብራው ላይ ያሉትን እግረኞች አሳለፍኩ። ከእኔ ቀድመው የደረሱትን መኪኖች ተራ በተራ ለቀቅኩ። በመጨረሻ መሃል የቆመ አንድ ሰው በእጁ ና ና ሲለኝ ጊዜ፣ ትራፊክ ፖሊስ መስሎኝ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ጀመርኩ። ሰውየው «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪ ነው የሚጠራው! እግሬን መለስኩ።

ትንሽ ቆይቶ እውነተኛው ትራፊክ መጣ። መሃል ገባና መዳፉን ወደ እኛ ዘርግቶ አቆመን። ይህኔ መብራቱ መጣ፤ ያውም ለእኛ አረንጓዴ። የኋላ ሰዎች ክላክሳቸውን አቀለጡት።

«አረንጓዴ ነው እኮ» አለችኝ ልጄ፣ ጉድጓድ እየቆፈረችልኝ።

«መብራቱ እለፍ ይላል፣ ሰውየው ቁም ይላል። ትራፊክ ካለ የሚታዘዙት እሱን ነው።»

ጉንጯ ሊስቅ ሲል አየሁት። ትራፊኩ ዞሮ በእጁ እለፉ አለን። ኮራ ብዬ ማርሽ አስገባሁ። መኪናዋ አንዴ ሳል አለችና ጠፋች።

«አባቴ፣ ይለፉ እንጂ!» አለ ትራፊኩ እየቀረበ።

«እኔስ አልፌያለሁ፣ ልጄ። የወደቀችው እሷ ናት» አልኩት መኪናዋን እያሳየሁ።

ልጄ እየሳቀች ወረደች። እሷና ትራፊኩ ከኋላ ሆነው ወደ ዳር ገፉኝ። «ቁልፉ ይኑርህ!» ብላ ጮኸችልኝ እያለከለከች፤ «በዚች መኪና ማንንም አትገጭም!»

ጋራዡ ቅርብ ነበር፤ ሰውም እየተጨመረ እስከዚያ ገፋን። ገፋን አልኩ እንዴ? እኔ እንኳ መሪውን ይዤ ተቀምጬ፣ የሚያልፈውን ሁሉ እጄን እያነሳሁ ሰላም ስል ነበር።