የአርባ አንዱ በመቶ ቀለሞች

እኔ ነገር ካልገባኝ አያስቀምጠኝም። ነገረኛ የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ! ከሸዋ ተመድቤ ወረታ ኮሌጅ ሳስተምር ቢሮ የምጋራው ባልደረባዬ ይህን ጠባዬን ጠንቅቆ ያውቀዋል። እሱ የፎገራ ገበሬ ልጅ ነው። ክረምት ክረምት ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እየወረደ በሩዝ አምራቾች ላይ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቱን ይሠራ ነበር። የመጨረሻ ክረምቱ ነበር፤ በዚያ ክረምት ጽሑፉን ቀርቦ ካልተከላከለ የትምህርት ዕድሉ ይቋረጣል፣ ልፋቱ ሁሉ ገደል ይገባል።

አንድ ቀን ጠዋት ስገባ ራሱን ይዞ ተቀምጧል።

«አለቀልኝ» አለኝ። አማካሪው የመመሳሰል ሪፖርት የሚባለውን፣ ጽሑፉ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም ማሽን ቆጥሮ የሚያወጣውን፣ በኢሜይል ልኮለት፣ ከላይ «አርባ አንድ በመቶ፤ ሐሙስ መጥተህ አስረዳኝ» ብሎ ጽፎበታል። «እኔ ሌባ ነኝ? እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ሌባ ነኝ?»

«ማን አለህ?»

«ቁጥሩ ነዋ!»

ከጽሕፈት ቤት አንዱ «ቃላቱን ለዋውጥ፣ ቁጥሩ ይወርድልሃል» ብሎ መክሮት ኖሮ፣ መለወጥ ጀምሯል። የሩዙን ሳይንሳዊ ስም ሳይቀር ሊለውጥ ሲል ደረስኩበት። «ኧረ ተው አንተ ሰውዬ! የቱ ከምን ጋር እንደገጠመ ሳታይ?» ብዬ ወንበሬን ሳብኩ። ሪፖርቱን ከመጀመሪያው ገጽ አላሳለፈውም ነበር።

ለኔም አዲስ ነገር ነበር፤ ደስ አለኝ። ገጾቹ ከሌላ ጽሑፍ ጋር በገጠሙበት ቦታ ሁሉ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ተቀብተዋል። እሱ ቀዩን አይቶ ደንግጧል፤ ቀለሙ ግን አንዱን ምንጭ ከሌላው ለመለየት ብቻ የተቀባ ነው። አርባ አንዱም ቢሆን ከጽሑፉ ቃላት ስንት እጁ ማሽኑ ከሚያውቃቸው ጽሑፎች ጋር እንደገጠመ ነው የሚናገረው። ለምን እንደገጠመ አያውቅም።

ቀዩን ተከተልን። ትልቁ ምንጭ የራሱ የጥናት ንድፍ፣ ፕሮፖዛሉ፣ ሆኖ ተገኘ፤ አምና ለዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስገባው። ከራሱ ሰረቀ ልበል? ሳቅሁ፣ እሱ አልሳቀም። ቀጥሎ የዋቢ መጻሕፍቱ ዝርዝር ከዳር እስከ ዳር ተቀብቷል። መጠይቁም፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገባውም እንዲሁ። ከወረዳው የአማርኛ ሪፖርት ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ያስገባው ገጽ ግን ንጹሕ ነጭ ነው። ምንጩን ጠቅሷል እንጂ ባይጠቅስም ማሽኑ ዝም ነበር የሚለው። ይኼኔ ነው በቁጥሩ ላይ የነበረኝ እምነት ጨርሶ የተነነው።

«እፎይ! ታዲያ ነጻ ነኛ!» አለ።

ነጻ ሊወጣ ነበር፤ እኔ ነገረኛዋ ባልገለጥ ኖሮ። «የጥናቱ ቦታ» የሚለው ጋ አንድ አንቀጽ ከላይ እስከ ታች ሳይቆራረጥ ሐምራዊ ሆኗል። ከሁለት በመቶ አይበልጥም፤ ምንጩ የሌላ ተማሪ ጽሑፍ ነው፣ እሱ ግን አልጠቀሰውም።

«እሱንማ ሁሉም ነው የሚገለብጠው» አለኝ ቅር ብሎት። እውነቱን ነው። በፎገራ ላይ የሚጽፍ ሁሉ ያንን አንቀጽ እንደ ዘር ከቀደመው ይቀበለዋል። ያነበበው ያለ አይመስለኝም። እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ጎርፍ የአካባቢው ዋነኛ መቅሠፍት ነው ይላል።

«ነው?» አልኩት።

በንዴት ተነሣ። «የምን መቅሠፍት! እርግጥ የርብ ወንዝ ሲሞላ ከብቱን ይዘን ወደ ዳር እንወጣለን፤ ቤት የሚያፈርስበትም ዓመት አለ። ውሃው የቀረ ዕለት ግን አባቴ እህል አይቀምስም ነበር። ደለሉ ከየት ይመጣል? ጓያው በምን እርጥበት ይበቅላል?»

«ታዲያ እሱን ጻፈዋ!»

ጻፈው። የለዋወጣቸውንም ቃላት ወደ ቦታቸው መለሳቸው። ሐሙስ አማካሪው የጥናት ንድፉንና ዋቢዎቹን ከስሌቱ ሲያወጣቸው ቁጥሩ ዘጠኝ ሆነ። ስለ ዘጠኙ ግን አንድም ቃል አልተናገረም አሉ። ሐምራዊውን አንቀጽ ነው የጠየቀው፤ እሱም መገልበጡን አምኖ አዲሱን ሰጠው። በሳምንቱ ተከላከለ፣ አለፈ። እልል ብዬ ቢሮውን አደበላለቅሁት።

ሁለት ክረምት ቆይቶ ሌላ ወጣት ባልደረባችን ሪፖርቱን ይዞ እየፈነጠዘ መጣ። «ስድስት በመቶ ብቻ!» አለን። ገለጥኩት። አንድ አንቀጽ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሳይቆራረጥ። ርብ ሞልቶ፣ ከብቱ ወደ ዳር ወጥቶ፣ ጎርፍ የቀረ ዕለት እህል የማይቀምሱ አባት።

ወዳጄ አንገቱን አስግጎ አነበበና ቀና አለ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ልጁን «የት ነው የተወለድህ?» አለው።

«ይፋግ፣ ከርብ ማዶ።»

«ያንተ አባትስ ውሃው ሲቀር ምን ይሉ ነበር?»

ልጁ ወረቀቱን አጠፈና ሊነግረው ወንበር ስቦ ከወዳጄ አጠገብ ተቀመጠ።