ቀዝቃዛ ውሃ ያልፈታው

በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ቢኖር ኃላፊው ብቻ ነው፤ እሱም ረስቶት ይሆናል። ለሌላው ሁሉ እትዬ ቀዝቃዛ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው በጠባያቸው እንዳይመስላችሁ፤ ቁጣቸው ከፈላ ውሃ ይብሳል። ስሙ የመጣው፣ ደም የነካው አንሶላ ባዩ ቁጥር ከሚለቁት ጩኸት ነው።

«ቀዝቃዛ! ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ! ሙቅ ካስነካችሁት ደሙ ከጨርቁ አይለቅም፣ እኔም ከእናንተ አልለቅም!»

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሉ ኖረዋል።

ስለ ሴት ደም ሲነሳም ፈራጇ እሳቸው ነበሩ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ የወር አበባቸው የሚመጣው እንደ ጎርፍ ነው። እንቁላል የሚያህል የረጋ ደም እየወረዳቸው፣ ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየደረቡ፣ አንድ ቀን እንኳ ከሥራ ሳይቀሩ አሳለፉት። በስተመጨረሻ ሐኪሙ ማዮማ የሚባል የማህፀን ዕጢ ነው አለና ማህፀናቸው ወጣ። ልጅ አልወለዱም። የሚጠይቃቸው ካለ «አልሰጠኝም» ይሉና ቶሎ ብለው ወሬ ይቀይራሉ። ከሴቶቹ አንዷ «ዛሬስ በዛብኝ» ያለች እንደሆነ ፍርዳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ይፈሳል፣ ያልፋል። እኔ ይኸው አለሁ አይደል?»

የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ለካውያም ያሏት ይህንኑ ነው። ካውያ የሸሚዝና የጠረጴዛ ልብስ ተኳሿ ናት፤ አምስት ዓመት በትዳር ኖራ ልጅ በመጠበቅ የደከመች። እትዬ ቀዝቃዛ እንደ ልጃቸው ይወዷታል፤ እንደ ልጃቸውም ይቆጧታል።

«እትዬ፣ ዛሬ የኔ ነገር አላማረኝም» አለች፣ የተኩስ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛ። «ከገባሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም፤ አራተኛ ሞዴሴን ቀየርኩ። ወገቤን ይቆርጠኛል።»

«የመጨረሻው መቼ ነበር?»

«ሁለት ወር ሊሆነው ነው። የኔ እንደሁ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል።»

«በቃ፣ የዘገየ ሲመጣ እንዲህ ነው፤ ተጠራቅሞ ነው። ቁጭ በይ፣ ትንሽ ውሃ ጠጪ።»

ብለው ወደ ሳፋቸው ተመለሱ። ምን ታደርጓቸዋላችሁ? የሚያውቁት የራሳቸውን ገላ ነው፤ በዚያ ገላ ሁሉንም ሴት ለኩ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ካውያ ከመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ጠራቻቸው። ድምጿ ቀጥኗል። የታጠፈ ነጭ ፎጣ በእጇ ይዛለች። «ትልቅ ነገር ወረደኝ፣ እትዬ። አልችልም፣ እዩልኝ።» ፊቷ አመድ መስሏል።

እትዬ ቀዝቃዛ ፎጣውን ተቀበሉ። ማየት ሲገባቸው እጃቸው የለመደውን አደረገ፤ ሳፋው ውስጥ ነከረው፣ ቧንቧውን ከፈተበት። ውሃው ቀላ። ጥቁር ቀይ የረጋው ደም በጣታቸው መሃል እየተፈረካከሰ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ተፈታ። የመጀመሪያውን ውሃ ደፉት። ሁለተኛውን ሞሉ።

አንዱ ግን አልተፈታም።

አውራ ጣት የሚያህል፣ ወደ ግራጫ ያደላ ነጣ ያለ ነገር ሳፋው ውስጥ ቀረ። በጣታቸው ጫን አሉት፤ አልፈረሰም። ውሃው ሲረጋ ከጠርዙ እንደ ክር ቀጫጭን ነገሮች ተዘረጉ። እትዬ ቀዝቃዛ እጃቸውን ከውሃው ሳያወጡ ቆሙ። ደም እንዲህ እንደማይሆን በሃያ ስድስት ዓመት ከማንም በላይ ያውቃሉ።

«ካውያ!»

ዞር ሲሉ ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ወደ መሬት እየተንሸራተተች ነው።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጩኸት የሆቴሉ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። እትዬ ቀዝቃዛ የሆቴሉ መኪና ይነሳ አሉ፤ ኃላፊው «አሁን እንግዳ የሚያመጣ መኪና ነው» ሲል «እንግዳህን በእግሩ ይምጣ በለው!» አሉት። ከወጥ ቤት የታጠበ የማርማላታ ብልቃጥ አስመጡ፤ ያንን ነገር በእጃቸው አንስተው ከተቱ፣ ከደኑት። ሾፌሩና የጽዳት ሠራተኛዋ ካውያን ደግፈው ከኋላ ወንበር ላይ አስተኟት። እትዬ ቀዝቃዛ ጭንቅላቷን ታፋቸው ላይ አድርገው ብልቃጡን በነጠላቸው ሸፈኑት።

«የወር አበባ ነው ብለውኝ አልነበር?» አለች ካውያ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ብዬሻለሁ። ዝም በይ አሁን፣ አትድከሚ።» በሕይወታቸው እንደዚያ ፈርተው አያውቁም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለቻቸው አዋላጅ ወጣት ናት፤ ጥያቄዋ ግን የሰላ። አንድ እጇ የካውያ የእጅ አንጓ ላይ ነው።

«አንድ ሞዴስ በስንት ጊዜ ይሞላል?»

«በሰዓት ሁለት» አሉ እትዬ ቀዝቃዛ። «ከሁለት ሰዓት በላይ እንደዚያ ሆነ።»

«እሱ ብቻውን የሚያስመጣ ነበር። ከዚህ በፊት መሽናት ያቃተሽ፣ ትከሻሽን ወይ አንድ ጎንሽን ብቻ የወጋሽ ነገር አለ? የለም? ጥሩ። ማነው የወር አበባ ነው ያለው?»

«እኔ ራሴ መስሎኝ…» ጀመረች ካውያ።

«እኔ ነኝ ያልኳት» አሉ እትዬ ቀዝቃዛ።

አዋላጇ ቀና ብላ አየቻቸው፤ አልተቆጣችም። ግሉኮስ ሰቀለች፣ ለደም ዓይነት ምርመራ ደም ቀዳች፣ ሽንቷን አስመረመረች። እርግዝና አለ። ብልቃጡን ተቀብላ ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ገለበጠችው። ክር መሳዮቹ ዳግም ተዘረጉ።

«ማጠብዎ ጥሩ ሆነ። እኛም እንዲሁ ነው የምናየው። ግን በዓይን ብቻ አይፈረድም።»

አልትራሳውንዱ ፍርዱን ሰጠ። ፅንሱ ከማህፀን ውጭ አልነበረም፤ ወርዷል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ደሙ የማያቆመው ማህፀኗ ውስጥ በቀረው ምክንያት ነው። ካውያን ወደ ውስጠኛው ክፍል ወስደው የቀረውን በመምጠጫ መሣሪያ ጠረጉላት።

ያን ሁሉ ጊዜ እትዬ ቀዝቃዛ ኮሪደሩ ውስጥ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጣቶቻቸው ከውሃው ብዛት ተሸብሽበዋል። አዋላጇ ወጥታ «ደሙ ቀንሷል፣ ትድናለች» ስትላቸው «ተመስገን» አሉ፤ ግን አልተነሱም።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደም የሚበዛባት ሴት፣ ሁለት ወር ቀርቶባት፣ ከዚያ እንዲህ ያለ… ውሃ የማይፈታው ነገር ቢወርዳት፣ እሱም…?»

አዋላጇ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል፤ ያለ እርግዝናም የማህፀን ሽፋን እንዳለ ተላቆ የሚወርድበት ጊዜ አለ። ያኔ ሳይመረመር ከቀረ ዛሬ የሚያውቅ የለም። መቼ ነው?»

«የመጀመሪያው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው» አሉ። «ሦስት ጊዜ።»

ሦስቱንም ጊዜ አጥበው፣ አልለቅ ያለውን ፈግፍገው ደፍተውት ወደ ሥራ ሄደው ነበር።

ካውያ ወደ አልጋዋ ስትመለስ ገብተው እጇን ያዙ። ልጅቷ ጣራውን እያየች ነበር።

«መኖሩን እንኳ ሳላውቅ ሄደ፣ እትዬ። ላላወቅኩት ልጅ ይለቀሳል?»

ኃይለኛዋ ሴትዮ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱ፤ ካውያም እሳቸውን ስታይ እንባዋ መጣ።

«ይለቀሳል» አሉ በመጨረሻ። «አልቅሺ፣ ልጄ። እኔ ሳላለቅስ ነው የቀረሁት።»